«ና፣ ና፣ ቶሎ ና»፦ ለሕፃናት ሙዚቃን በእንቅስቃሴ፣ በሶልፌጅና በመሣሪያ ማስተማር በምን ይለያያል?

አንዲት መምህርት አምስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ፊት ቆማ «ና፣ ና፣ ቶሎ ና» የሚለውን ሐረግ በጭብጨባ ታሰማቸዋለች። መጀመሪያ ሁለት የተራራቁ ጭብጨባዎች፣ ቀጥሎ ሁለት የተጠጋጉ፣ በመጨረሻም አንድ ለብቻው ይሰማል። ልጆቹ ሁሉ አንድም ሳያዛንፉ ይመልሱላታል። «አሁን ደግሞ እየተራመዳችሁ አጨብጭቡ» ስትላቸው ግን ነገሩ ይበላሻል። አንዱ በጭብጨባው ቁጥር እግሩን ያነሣና «ቶሎ» ላይ ሲደርስ ሮጦ ከፊቱ ካለው ልጅ ጋር ይጋጫል፤ ሌላዋ ቆማ ታጨበጭብና ስትጨርስ ጉዞዋን ትቀጥላለች፤ እግራቸው እኩል እየረገጠ እጃቸው ሐረጉን የሚያሰማ ልጆች ጥቂት ናቸው።

ልጆቹ ሐረጉን ያውቁታል፤ ያልያዙት ሐረጉ የሚያርፍበትን ነገር ነው። ለሕፃናት ሙዚቃን ለማስተማር የተዘረጉት ሦስቱ የታወቁ መንገዶች፣ ማለትም ከእንቅስቃሴ የሚነሣው፣ ድምፅን በስም ከመጥራት (ከሶልፌጅ) የሚነሣውና ከመሣሪያ የሚነሣው፣ በዋናነት የሚለያዩት ይህን ክፍተት በሚሞሉበት ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ በታች ይህችኑ አጭር ሐረግ በሦስቱም መንገዶች ይዘን እንሄዳለን።

ምትና ስልተ ምት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ምት ማለት በሙዚቃው ሥር እኩል እየተራራቀ ሳያቋርጥ የሚሄደው ርግጫ ነው። ስልተ ምት ደግሞ በዚያ ርግጫ ላይ የሚቀመጡት የረዘሙና ያጠሩ ድምፆች አደራደር ነው። ሁለት ልጆች ገመድ ሲያዞሩና ሦስተኛው መሐል ገብቶ ሲዘል እናስብ። ገመዱ መሬቱን የሚነካበት ጊዜ ምቱ ነው፤ ዘላዩ ቢያጨበጭብ፣ ቢዞር፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ቢዘል ገመዱ አይጠብቀውም፤ የሚያደርገው ሁሉ በገመዱ ዙር ውስጥ መግባት አለበት።

«ና፣ ና፣ ቶሎ ና» አራት ምትና አምስት ድምፅ አለው። የመጀመሪያው «ና» በአንደኛው ምት፣ ሁለተኛው «ና» በሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ «ቶ» እና «ሎ» ሦስተኛውን ምት እኩል ይካፈሉታል፤ የመጨረሻው «ና» አራተኛውን ለብቻው ይይዛል። አምስቱን ድምፆች በቃሉ የያዘ ልጅ አራቱን ምቶች ይዟል ማለት አይደለም፤ የመምህርቷ ክፍል የተበላሸበትም እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ መንገዶች ከየት መጡ?

ከእንቅስቃሴ የሚነሣው መንገድ በስዊዘርላንዳዊው ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ (1865–1950) ስም ይታወቃል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳልክሮዝ በጄኔቫ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ሲያስተምር፣ ጣታቸው የሠለጠነ ተማሪዎች የጻፉትን ሙዚቃ በጆሯቸው መስማት እንደማይችሉና ሲጫወቱም ምት እንደሚስቱ ተመለከተ። እነዚሁ ተማሪዎች በመንገድ ላይ ሲሄዱ ግን እርምጃቸው አይዛነፍም ነበር፤ ስለዚህ ሰውነታቸው የሚያውቀውን ነገር ለሙዚቃቸው ማዋስ ይቻላል ብሎ ተነሣ።

የሶልፌጁ መንገድ ከሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ከዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ጋር የተያያዘ ነው። ኮዳይ የማስተማሪያ ዘዴዎቹን ራሱ አልፈለሰፋቸውም፦ የእጅ ምልክቶቹ ከእንግሊዛዊው ከጆን ከርዌን፣ የምት ቃላቱ ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው። እርሱና ባልደረቦቹ የሠሩት እነዚህን አሰባስቦ ለሕፃን በሚመች ቅደም ተከተል ማስያዝና ከአገሬው ዜማ ጋር ማዋሐድ ነው።

በመሣሪያ የሚነሣው መንገድ በአንድ ስም ቢጠራም ውስጡ ሁለት የማይመሳሰሉ ወንድማማቾች አሉበት። አንደኛው ካርል ኦርፍ (1895–1982) ከጉኒልድ ኬትማን ጋር በጀርመን ያዳበረው ነው፤ በዚህኛው ልጆች በቡድን ሆነው የእንጨትና የብረት ሳንቃዎች የተደረደሩባቸውን መሣሪያዎች በመምቻ እየመቱ ራሳቸው ሙዚቃ ይፈጥራሉ። ሁለተኛው የጃፓናዊው የሺኒቺ ሱዙኪ (1898–1998) ነው፤ በዚህኛው ልጁ ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ ለቁመቱ የተሠራች ትንሽ ቫዮሊን ይዞ፣ ቋንቋን እንደለመደበት ሁሉ፣ በመስማትና በመደጋገም ይማራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዳልክሮዝ ሶልፌጅም ያስተምራል፣ የኮዳይ ልጆች እየተራመዱ ይዘምራሉ፣ የኦርፍ ክፍል በንግግርና በሰውነት እንቅስቃሴ ይጀምራል። ስሞቹ የሚነግሩን ልጁ በየትኛው በር እንደሚገባ ብቻ ነው።

እግር ምት የሚያስተምረው እንዴት ነው?

በዳልክሮዝ ክፍል መምህሩ ፒያኖ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቹ በባዶ ወለል ላይ ይንቀሳቀሳሉ። የመጀመሪያው ሥራ የመምህሩ ነው፦ ልጆቹ በገዛ ፍጥነታቸው እንዲራመዱ ይፈቅድና እርሱ እርምጃቸውን ተከትሎ ይጫወታል። ይህ ለይምሰል የሚደረግ አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ እግር አጭር ስለሆነ የተፈጥሮ እርምጃው ከአዋቂ እርምጃ ይፈጥናል፤ መምህሩ በራሱ ፍጥነት ቢጫወት ልጁ በየእርምጃው እግሩን አንጠልጥሎ መጠበቅ ይኖርበታል። ይህ ሲሆን በዓይን ይለያል፦ ልጁ ይረግጣል፣ ደርቆ ይቆማል፣ ይረግጣል፣ ደርቆ ይቆማል። በእርምጃዎቹ መካከል እንቅስቃሴ የለም። የዳልክሮዝ ትምህርት ዋና ሐሳብ ደግሞ ያ መካከል ነው። ኳስ ወርውሮ ለመቅለብ እጅ የሚዘጋጅበት፣ ኳሱ የሚጓዝበትና የሚያርፍበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ ምትም የሚያርፍበት ነጥብ ብቻ ሳይሆን ወደ ነጥቡ የሚያደርሰው ጉዞ ጭምር ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ እርምጃው ይረዝማል፣ ጉልበቱ ይላመጣል፣ ሰውነቱ ክብደቱን ቀስ ብሎ ያሸጋግራል።

ልጆቹና ፒያኖው ከተስማሙ በኋላ መሪነቱ ወደ ፒያኖው ይዞራል። መምህሩ ፍጥነቱን ይለውጣል፣ ሳይታሰብ ዝም ይላል፣ ወይም አስቀድሞ የተስማሙበትን ቃል ተናግሮ ልጆቹ በዚያው ቅጽበት አቅጣጫ እንዲለውጡ ያደርጋል። «ና፣ ና፣ ቶሎ ና» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ እግራቸው ሐረጉን ራሱን ይረግጣል፦ እርምጃ፣ እርምጃ፣ ሁለት ፈጣን እርምጃ፣ እርምጃ። ቀጥሎ እግራቸው አራቱን ምቶች ብቻ ይረግጥና እጃቸው አምስቱን ድምፆች ያጨበጭባል። ከዚያ በትእዛዝ ይቀያየራሉ፤ የእጁ ሥራ ወደ እግር፣ የእግሩ ወደ እጅ ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደረስበት ከወራት በኋላ ነው።

የዚህ መንገድ ሐሰተኛ ውጤት ከዓይን የሚመጣ ነው። በክብ የሚራመዱ ልጆች ከፊታቸው ያለውን ተረከዝ አይተው መራመድ ይችላሉ፤ ክፍሉ እኩል ሲረግጥ ያየ እንግዳም ሁሉም ምቱን የሰሙ ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ልጆቹን ፊታቸውን ወደየአቅጣጫው በትኖ እንደገና ማስጀመር፣ ወይም ሙዚቃውን በድንገት አቁሞ ማን በሰዓቱ እንደቆመና ማን ጎረቤቱን አይቶ አንድ እርምጃ ዘግይቶ እንደቆመ ማየት። ሌላው ገደቡ ሰፊ ወለልና በእጁ የሚፈጥር ፒያኖ ተጫዋች መጠየቁ ነው። በተቀዳ ሙዚቃ የሚካሄድ የእንቅስቃሴ ትምህርት ልጁን ሊከተለው ስለማይችል፣ በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው ደረጃ ይጎድላል። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ያሉ ሕፃናት ከማሽን ይልቅ ከሰው ጋር ሲመቱ ምታቸው የተሻለ እንደሚገጥም በምርምርም ታይቷል።

ለድምፅ ስም መስጠት ምን ይጨምራል?

የኮዳይ ክፍል ድምፅን በስም ለመጥራት አይቸኩልም፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ሐረጉ ለሳምንታት ያለ ምንም ማብራሪያ ይዘመራል። ልጆቹ እየዘመሩ ጉልበታቸውን በእኩል ምት ይነካሉ፣ በሌላ ቀን በዚያው ምት ይራመዳሉ፣ በሌላ ቀን ቃላቱን ያጨበጭባሉ።

ጊዜው ሲደርስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ አራት ልቦች በአንድ መሥመር ይሥላል። ልጆቹ ሲዘምሩ እርሱ በእያንዳንዱ ምት አንድ አንድ ልብ በጣቱ ይነካል። ከዚያ «በስንተኛው ልብ ላይ ሁለት ድምፅ ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደገና ይዘመራል፤ አንዱ «መጨረሻው» ይላል፣ ሌላው «ሦስተኛው»። እንዲዳኛቸው ሦስተኛ ጊዜ ይዘምራሉ። መልሱ ሲገኝ ብቻ መምህሩ ስም ይሰጣል፦ በምቱ ላይ አንድ ድምፅ ሲኖር «ታ»፣ ሁለት ሲኖር «ቲ-ቲ»። «ና፣ ና፣ ቶሎ ና» እንግዲህ «ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ፣ ታ» ሆነ። ጽሕፈቱም ይከተላል፤ ታ በአንድ ቁም ሰረዝ፣ ቲ-ቲ አናታቸው በተያያዘ ሁለት ሰረዞች ይጻፋል። ልጁ በጆሮው ያገኘውን ነው የሚጽፈው።

የድምፁ ከፍታና ዝቅታም በዚሁ መልክ ይመጣል። «ና» ብሎ በከፍታ፣ «ና» ብሎ በዝቅታ መጣራት በሶልፌጅ «ሶ» እና «ሚ» ይባላል፤ ሐረጋችን ሶ፣ ሚ፣ ሶ-ሶ፣ ሚ ይሆናል። ሶ ሲዘመር የእጅ መዳፍ ወደ ደረት ዞሮ በጎኑ ይቆማል፤ ሚ ሲዘመር ዝቅ ብሎ መዳፉ ወደ መሬት ይተኛል። ቀጥሎ የሚጨመረው ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሚዘገዩት ከጎረቤቶቻቸው ከሚ እና ከዶ ጋር ያላቸው ርቀት ጠባብ ስለሆነና ትንንሽ ልጆች በትክክል ለመዘመር ስለሚቸገሩ ነው።

የሶልፌጅ ስሞች ራሳቸው ሁለት ዓይነት አጠቃቀም አላቸው፤ ለብዙ ወላጆች ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። በኮዳይ ዘንድ ዶ የዝምድና ስም ነው፦ «እናት» በየቤቱ ሌላ ሴት እንደሆነች ሁሉ፣ ዶም ዜማው በሚያርፍበት ድምፅ ላይ ይሆናል። በዳልክሮዝና በበርካታ ኮንሰርቫቶሪዎች ዶ የተጸውኦ ስም ነው፤ የትም ቤት ብትገባ ስሟ የማይለወጥ አንዲት የታወቀች ድምፅ ናት። የመጀመሪያው በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ለመስማት ያግዛል፤ ሁለተኛው ኖታን በቀጥታ ከመሣሪያ ጋር ለማገናኘት ይቀናል። አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሚሻገር ልጅ ለጥቂት ጊዜ መንተባተቡ አይቀርም።

የዚህ መንገድ ሐሰተኛ ውጤት ቃሉን ከጆሮ ነጥሎ መሸምደድ ነው። ልጁ «ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ፣ ታ» ሲል ጥርት ያለ ነው፤ ጠጋ ብሎ ሲሰማ ግን እያንዳንዷ ቲ የታን ያህል ረዝማለች፤ አራቱ ምቶች አምስት ሆነዋል። ቃሉን ያዘ፣ ምቱን ጣለ። መምህሩ ከበሮ ላይ እኩል ምት እየመታ ቢያስደግመው የመጨረሻዋ ታ ከከበሮው አልፋ ትወድቃለች። ሌላው ፍተሻ ሥርዓቱን መለወጥ ነው፦ «ቲ-ቲ፣ ታ፣ ታ፣ ታ» ተብሎ ሲጻፍለት የሚያነብ ልጅ ያነባል፣ የሸመደደው ግን የድሮውን ይደግማል።

ከመሣሪያ የሚጀምር ልጅስ?

የኦርፍ ክፍል ሐረጉን ከአፍ ወደ ሰውነት፣ ከሰውነት ወደ መሣሪያ ያሻግረዋል። ልጆቹ በመጀመሪያ ይናገሩታል፤ ቀጥሎ በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይመቱታል፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ-ቀኝ፣ ግራ። ይህ የጭን ልምምድ በኋላ ሳንቃው ላይ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ራሱ ነው፤ መምቻውን ሲይዙ እጃቸው የሚሄድበትን ያውቃል።

መሣሪያው ለሕፃን የተመቸ የሆነው ሳንቃዎቹ ስለሚነሡ ነው። ፋ እና ሲ ይወጡና ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ይቀራሉ፤ ከነዚህ አምስት ድምፆች የትኞቹም አብረው ቢመቱ እርስ በርሳቸው ክፉኛ አይጋጩም። ግማሹ ክፍል ዶ እና ሶን አንድ ላይ በእያንዳንዱ ምት ይመታል፤ ሌላው ግማሽ ሶ፣ ሚ፣ ሶ-ሶ፣ ሚ ይመታል። እግርና እጅ በአንድ ልጅ ላይ ያደርጉት የነበረውን ሁለት ቡድን ተካፍሎታል፤ ምቱና ስልተ ምቱ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ቡድኖቹ ሲቀያየሩ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም ይሠራል። ከዚያ መምህሩ በባዶ አራት ምት ውስጥ አንድ ልጅ የፈለገውን እንዲመልስ ይጋብዛል። ሕፃን በመጀመሪያው ወር የራሱን መልስ የሚፈጥርበት ዕድል እንደዚህ የቀረበበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ነገር ግን ምቾቱ ራሱ ይደብቃል። የሚጎረብጥ ድምፅ ከሌለ፣ ልጁ ሰምቶ ይምታ ወይም ቀርቦለት ይምታ በጆሮ አይለይም። አንድ ፍተሻ እነሆ፦ ልጁ ሐረጉን ከሶና ከሚ ይልቅ ከላ እንዲጀምር ይጠየቅ። ሶና ሚ ፋ ስለተነሣች ጎን ለጎን ሆነዋል፤ ላና ሶም ጎን ለጎን ናቸው። እጁን ብቻ የሚከተል ልጅ «ቀጥሎ ያለው ሳንቃ» ብሎ ላ፣ ሶ፣ ላ-ላ፣ ሶ ይመታና ደስ ብሎት ያበቃል። የሰማ ልጅ ግን ፊቱን ይቋጥራል፤ ከላ ወደ ሶ ያለው ርቀት ከሶ ወደ ሚ ካለው ይጠብባልና «ያው አይደለም» ይላል። ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ጥሪው እንደተለወጠ ግን ያውቃል።

የሱዙኪ ልጅ ታሪክ ሌላ ነው። የሚጫወተውን ዜማ ገና ቫዮሊን ሳይነካ በየቀኑ ከቅጂ ሲሰማ ይቆያል፤ አንደኛው ወላጅ በትምህርቱ ላይ ይገኛል፣ ቤት ውስጥም ልምምዱን ይመራል፤ የኖታ ንባብ ልጁ በመጠኑ መጫወት ከቻለ በኋላ ይመጣል። «ና፣ ና፣ ቶሎ ና» እዚህ በአንድ ክር ላይ፣ ክሩን በሚያስጮኸው ዘንግ፣ ማለትም በአርኬ፣ አጫጭር እንቅስቃሴ ይሠራል፤ ቫዮሊኑን በአገጭ መያዝ፣ አርኬውን ሳያጣምሙ መሳብና ጣትን ማለዘብ የልጁን ትኩረት ስለሚወስዱ ሐረጉ ራሱ ቀላል መሆን አለበት። ትርፉ ግልጽ ነው፦ የድምፅ ጥራትና ረጅም ዜማን በቃል መያዝ። ጉድለቱ የሚታየው ዜማውን ከመካከል ጀምር ሲባል ነው። ብዙ ልጆች መጀመሪያው ላይ ካልተነሡ መንገዱ ይጠፋባቸዋል፤ ዜማው እንደ አንድ ረጅም ክር ተጠቅልሎ ገብቷልና። ንባቡ ከመጠን በላይ ከዘገየ ደግሞ ጣቱ የደረሰበትና ዓይኑ የሚያነበው ይራራቃሉ፤ ከባድ ዜማ የሚጫወት ልጅ «ታ፣ ታ፣ ቲ-ቲ፣ ታ»ን ከወረቀት ለማንበብ ማጎንበስን ይጠላል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል?

መንገዶቹን ማወዳደር የሚያስቸግረው መመዘኛው ራሱ ወገንተኛ ስለሚሆን ነው። ፈተናው ኖታ ማንበብ ከሆነ የሶልፌጅ ልጆች ይቀድማሉ፤ ፍጥነት ሲለወጥ መከተል ከሆነ የእንቅስቃሴ ልጆች፤ ዜማን ማሳመር ከሆነ የሱዙኪ ልጆች። እያንዳንዱ የሠለጠነበትን ያሳያል።

እንደ እኔ ግምት፣ ዕድሜው ከአራት በታች ለሆነ ልጅ እግርና ጉሮሮ፣ ማለትም መራመድና መዘመር፣ ይቀድማሉ፤ ስም መስጠቱ ልጁ «ስንት ድምፅ?» ለሚለው ጥያቄ በጆሮው መልስ መስጠት ሲችል ይከተላል። ሳንቃው ከሁለቱም ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። ቫዮሊንን በሦስት ዓመት የመጀመሩ ጉዳይ ከልጁ ይልቅ በየቀኑ አብሮት ሊቀመጥ የሚችል አዋቂ መኖር አለመኖሩ ላይ ይወሰናል።

ልጁ ምቱን መያዙ በምን ይታወቃል?

በሦስቱም መንገዶች የሚሠራ፣ ምንም ዕቃ የማይጠይቅ አንድ ፍተሻ አለ። ከልጁ ጋር ጎን ለጎን፣ በእርሱ ፍጥነት እየተራመዳችሁ «ና፣ ና፣ ቶሎ ና»ን ሦስት ጊዜ ዘምሩ። ከዚያ «አሁን አንድ ጊዜ በሆዳችን እንዘምርና ቀጥለን በድምፅ እንመለሳለን» በሉት፤ እግራችሁ ይቀጥል፣ አፋችሁ ዝም ይበል።

በዝምታው ውስጥ አራት ምት ያልፋል። ልጁ ከእናንተ ጋር እኩል «ና» ብሎ ከተመለሰ ምቱም ዜማውም ውስጡ አሉ። ቀድሟችሁ ከገባ ብዙውን ጊዜ ዝምታውን አሳጥሮታል፤ እግሩን ተመልከቱ፣ ፈጥኖ ይሆናል፤ ይህ ልጅ ተጨማሪ የእንቅስቃሴ ሥራ ያስፈልገዋል። በሰዓቱ ገብቶ የድምፁ ከፍታ ከተለወጠ ምቱን ይዟል፣ ሶና ሚ ግን ገና አልረጉም፤ የሚያስፈልገው መዘመርና የእጅ ምልክት ነው። ቀና ብሎ አፋችሁን አይቶ ከናንተ ጥቂት ዘግይቶ ከገባ ደግሞ እስካሁን ሲሠራ የነበረው ዓይኑ ነውና በሚቀጥለው ጊዜ ከኋላው ሆናችሁ ተራመዱ።